ምድቡ "1 = 4" የሆነ ቧንቧ፦ የአንድ የደሴ ሱቅ ዝርዝር ሠንጠረዥ የሆነበት መንገድ

አጎቴ ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ የግንባታ ዕቃ ሱቅ አለው። ቧንቧ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ፣ ቀለም፣ ሚስማርና ቡሎን፣ ብረታ ብረት ይሸጣል። የቀረውን ኮተት ሁሉ "ልዩ ልዩ" ይለዋል። እኔ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። አንድ ቀን ደወለና "መርካቶ ልሄድ ነው። ምን እንዳለኝና ምን እንዳለቀብኝ አንድ ወረቀት ላይ አውጣልኝ። ሁሉም ኮምፒውተሩ ላይ ተጽፏል" አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ሐረጎን ወጣሁ። ደሴ ስደርስ ጃኬት አለመያዜን ረገምኩ።

ውነትም ሁሉም ተጽፏል። የሱቁ ሒሳብ ያዥ ሁለት ዓመት ሙሉ በወርድ ስትጽፈው ኖራለች። ፋይሉ ነጥብ በነጥብ ውስጥ እየገባ የሚሄድ ረጅም ዝርዝር ነው። በጠቅላላ 412 መስመር። እንዲህ ይመስላል፦

```
• ቧንቧ
    o ጂአይ
        ▪ ቫልቭ
            • 1/2 = 12
            • 3/4 = 9
            • 1 = 4
        ▪ ፕላግ 1/2 = 40
    o ፒፒአር
        ▪ ኤልቦ 20 = 140
• ቀለም
    o የዘይት ቀለም
        ▪ ነጭ 4 ሊትር = 11
    o አኳራጅ = 23
```

ለዓይን በጣም ግልጽ ነው። ልጅቷም የፈለገችውን ዕቃ በሰከንድ ታገኛለች። ችግሩ የሚጀምረው አጎቴ እንደጠየቀው "ከ10 በታች የቀረውን ብቻ አሳየኝ" ሲባል ነው። ዝርዝሩን ማጥለልም ሆነ በቁጥር መደርደር አይቻልም። በፊደል ተራ ደርድረው ብትሉት እንኳ "3/4 = 9" አንድ ጥግ ላይ ብቻውን ይቀራል። የምን 3/4? የቫልቭ መሆኑን የሚናገረው ከቫልቭ ሥር መቀመጡ ብቻ ነበር። ቦታው ሲቀየር ትርጉሙም ጠፋ።

ስለዚህ ሥራው ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ዕቃ የአባቱንና የአያቱን ስም ራሱ ይዞ እንዲሄድ ማድረግ። አንድ ረድፍ፣ አንድ ዕቃ፤ በዓምዶቹ ደግሞ ምድብ፣ ንዑስ ምድብ፣ ዕቃ፣ ብዛት።

መጀመሪያ ዝርዝሩን ከወርድ ኮፒ አድርጌ በቀጥታ ኤክሴል ላይ ለጠፍኩት። ሁሉም አንድ ዓምድ ውስጥ ተከመረ፤ ነጥቡና ክፍት ቦታው ከቃሉ ጋር ተጣብቋል። ሰርዤው በኖትፓድ በኩል ዞርኩ። ኖትፓድ ላይ ሲለጠፍ የመስመሮቹ መግባትና መውጣት ይጠፋል፣ ሁሉም ግራ ጠርዝ ላይ ይሰለፋል። መጀመሪያ ያስደነግጣል፤ ግን የነጥቡ ምልክት አለ፣ ከምልክቱ ቀጥሎም ታብ አለ። ከኖትፓድ ወደ ኤክሴል ስወስደው ታቡ ለሁለት ከፈለው። ዓምድ A ላይ ምልክቱ፣ ዓምድ B ላይ ጽሑፉ ተቀመጠ። ለርዕስ እንዲሆነኝ የመጀመሪያውን ረድፍ ባዶ ትቼ ከሁለተኛው ነው የለጠፍኩት።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ወርድ በየደረጃው የተለየ ምልክት ይሰጣል። አንደኛው ደረጃ ድፍን ክብ ነው። ሁለተኛው ክፍት ክብ ይመስላል እንጂ እውነቱን ለመናገር የላቲን ፊደል o ነው። ሦስተኛው ትንሽ ጥቁር ካሬ ነው። ካሬው ከወርድ ሲወጣ ቅርጹን ያጣና ኖትፓድ ላይ ባዶ ሳጥን መስሎ ይታያል፤ በኪቦርድ ልጻፈው ብትሉም አይጻፍም። ግን የኤክሴል `UNICODE` የእያንዳንዱን ምልክት ቁጥር ያወጣል፦ ድፍኑ ክብ 8226፣ o 111፣ ካሬው 61607። የመስመሩ መግባት ቢጠፋም ደረጃው ከምልክቱ ይነበባል ማለት ነው። ደስ አለኝና ዓምድ C ላይ ይህን ጻፍኩ፦

```
=IF(UNICODE(A2)=8226,1,IF(UNICODE(A2)=111,2,3))
```

ቀጥሎ ዓምድ D ላይ ምድብን፣ ዓምድ E ላይ ንዑስ ምድብን አወጣሁ፦

```
D2:  =IF(C2=1,B2,D1)
E2:  =IF(C2=1,"",IF(C2=2,B2,E1))
```

የመጀመሪያው የሚለው ይህን ነው፦ መስመሩ አንደኛ ደረጃ ከሆነ ምድቡ ራሱ ነው፤ ካልሆነ ከላይኛው ረድፍ ውሰድ። ሁለተኛውም እንደዚያው ነው፣ ግን አንድ ጭማሪ አለው። አዲስ ምድብ ሲጀምር ንዑስ ምድቡን ባዶ ያደርገዋል። ይህችን ጭማሪ አትናቋት። ብዙ ሰው ባዶ ሴሎችን መርጦ በላይኛው መሙላት ይወዳል፤ ፈጣን ነው። ነገር ግን አዲሱ ምድብ ገና የራሱን ንዑስ ምድብ ሳይጠራ የቀድሞውን ጎረቤቱን ይወርሳል። በኛ ፋይል "ቀለም" የሚለው ረድፍ "ፒፒአር" የሚባል ንዑስ ምድብ ይዞ ይወጣ ነበር።

ፎርሙላውን እስከ መጨረሻው ጎትቼ ዓምድ D ላይ ፊልተር ከፈትኩ። ስድስት ምድብ መታየት ነበረበት። የታየው አሥራ አምስት ነው። ከነዚያ ውስጥ አንዱ ምድብ "1 = 4" ይባላል። ፒፒአር በሙሉ፣ ከነኤልቦውና ከነሶኬቱ፣ ከሥሩ ተሰልፏል።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ አጎቴ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ እያየ።

"እኔም እሱን ነው የምጠይቀው ጋሼ።"

ምክንያቱን ለማግኘት አንድ ሻይ ፈጀብኝ። ወርድ በተለምዶ ያሉት የነጥብ ምልክቶች ሦስት ብቻ ናቸው፤ አራተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። አራተኛው እንደገና ድፍን ክብ ነው፣ አምስተኛው o፣ ስድስተኛው ካሬ። ወርድ ውስጥ ሆናችሁ ስታዩት አራተኛው ወደ ውስጥ ስለገባ አያምታታም። ኖትፓድ ላይ መግባቱ ሲጠፋ ግን "1/2 = 12" እና "ቧንቧ" እኩል ሆኑ። ፋይሉ ውስጥ አራተኛ ደረጃ ላይ ያሉት ዘጠኝ መስመሮች ብቻ ናቸው። ሦስት የቫልቭ፣ ሦስት የኒፕል፣ ሦስት የሩቢኔት። ስድስት ሲደመር ዘጠኝ፣ አሥራ አምስት። ሒሳቡ ገጠመ።

ምድቦቹን መጀመሪያ መቁጠር የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ዘጠኙ የሐሰት ምድቦች ኤክሴል ላይ ምንም ስሕተት አላሳዩም። ቀይ አልበራም፣ `#VALUE!` አልመጣም። ፊልተሩን ሳልከፍት አትሜ ብሰጠው ኖሮ አጎቴ መርካቶ ሄዶ ነበር።

ምልክቱ ብቻውን አንደኛውን ከአራተኛው ስለማይለይ ሌላ መለያ ያስፈልጋል። በኛ ፋይል ደግነቱ ምድቦቹ ብዛት የላቸውም፤ የአራተኛው ደረጃ መስመሮች ግን ሁሉም የእኩል ምልክት አላቸው። ስለዚህ ዓምድ C ተቀየረ፦

```
=IF(UNICODE(A2)=111,2,IF(UNICODE(A2)=61607,3,
 IF(ISNUMBER(SEARCH("=",B2)),4,1)))
```

ይህ የሚሠራው ለዚህ ፋይል ነው። ምድቡ ራሱ የእኩል ምልክት ቢኖረው ኖሮ ዘጠኙን በእጅ ማረም ነበረብኝ። እዚያው ወርድ ላይ እያለ ነጥቡን 1፣ 1.1፣ 1.1.1 ወደሚለው ቁጥር መቀየርም ይቻላል፤ ቁጥሩ እንደ ነጥቡ ዞሮ ስለማይመለስ ደረጃው አይምታታም። ያኔ ግን ኤክሴል 1.10ን ከ1.1 ጋር አንድ እንዳያደርግባችሁ ከመለጠፋችሁ በፊት ዓምድ Aን Text አድርጉት።

አሁን አራት ደረጃ አለን፣ የምንፈልገው ግን ምድብና ንዑስ ምድብ ብቻ ነው። ለዘጠኝ መስመር ብሎ ሦስተኛ የምድብ ዓምድ መክፈት አያዋጣም፤ ከ360 በላይ ረድፍ ባዶ ሆኖ ይቀራል። እኔ የወሰንኩት የሦስተኛውን ስም ከአራተኛው ጋር ማጣበቅ ነው። "ቫልቭ" እና "1/2" ተጋጥመው "ቫልቭ 1/2" ይሆናሉ። ዓምድ F የሦስተኛውን ደረጃ ስም ይይዛል፣ G ያጣብቃል፣ H ደግሞ መስመሩ የመጨረሻ ዕቃ መሆን አለመሆኑን ይናገራል፦

```
F2:  =IF(C2<3,"",IF(C2=3,B2,F1))
G2:  =IF(C2=4,F2&" "&B2,B2)
H2:  =IF(C3<=C2,1,0)
```

የመጨረሻዋ ፎርሙላ ወደ ታች ታያለች። የሚቀጥለው መስመር ከእኔ ጠልቆ ካልገባ ከሥሬ ልጅ የለም፤ ስለዚህ ዕቃ ነኝ። ጠልቆ ከገባ ግን ርዕስ ነኝ፣ ከሠንጠረዡ እወጣለሁ። የመጨረሻው ረድፍ ሥር ያለው ባዶ ሴል እንደ ዜሮ ስለሚቆጠር እሱም በትክክል ዕቃ ይባላል።

ለምን በደረጃ ቁጥር ብቻ አልለየሁም? አኳራጅን እዩት። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነው፣ ግን ንዑስ ምድብ አይደለም፤ ከቀለም ሥር በቀጥታ የተቀመጠ ዕቃ ነው። "ሦስተኛና አራተኛ ደረጃን ብቻ ያዝ" ብል አኳራጅ ድምፁን አጥፍቶ ይወጣ ነበር። እንደ እሱ ያሉ አራት ነበሩ። ለአራቱም ንዑስ ምድብ አጎቴን ጠየቅኩትና በእጅ ሞላሁ። አኳራጅን "ማቅጠኛ" አለው።

ቀጥሎ ቆጠራ። ርዕሶቹ 38 ናቸው፦ 6 ምድብ፣ 29 ንዑስ ምድብ፣ እና ቫልቭ፣ ኒፕልና ሩቢኔት። ዕቃዎቹ 374። ሲደመሩ 412፣ ልክ ወርድ ላይ እንደነበረው። አንድም መስመር አልጠፋም፣ አንድም አልተደገመም።

እዚህ ላይ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ። ብዛቱን በእኩል ምልክቱ ላይ ለመክፈል ቸኩዬ ነበር፤ ዓምድ Gን ሳላጣብቅ በፊት ዓምድ Bን በ `Text to Columns` ከፈልኩት። ኤክሴል ብቻውን የቀረውን 1/2 ሲያይ ቀን መሰለው። የግማሽ ኢንች ቫልቭ `2-Jan` ሆነ፣ የሦስት ሩቡ `4-Mar`። መልኩን ወደ ጽሑፍ ብትቀይሩት እንኳ ረጅም ቁጥር ይሆናል እንጂ 1/2 ተመልሶ አይመጣም። `Ctrl+Z` ብዬ ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት፦ መጀመሪያ ማጣበቅ፣ ከዚያ መክፈል። "ቫልቭ 1/2" ቀን አይመስልም።

ከመክፈሌ በፊት ደግሞ ሠንጠረዡን በሙሉ ኮፒ አድርጌ በቦታው ላይ `Values` ብቻ ለጠፍኩ። ፎርሙላዎቹ ከላይኛው ረድፍ ስለሚወስዱ ሳይደርቁ ከተደረደሩ ሁሉም ዕቃ አዲስ አባት ያገኛል። ርዕሶቹንም ያጠፋሁት ከዚህ በኋላ፣ ግን ከመክፈሌ በፊት ነው።

ከዚያ ሌላ ጉዳይ መጣ፤ ይህኛው በፎርሙላ የሚፈታ አይደለም። ዓምድ E ላይ ፊልተር ስከፍት ንዑስ ምድቦቹ እንዲህ ተሰልፈዋል፦ ጂአይ፣ ፒፒአር፣ የዘይት ቀለም፣ ላይኛው መደርደሪያ፣ ከባንኮኒው ሥር።

"ላይኛው መደርደሪያ የምን ዓይነት ዕቃ ነው?" አልኩ።

ልጅቷ ሳቀች። "እሱማ የኤሌክትሪክ ነው። ቧንቧን በዓይነቱ ነው የጻፍኩት። የኤሌክትሪኩን ዕቃ ግን የት እንዳለ ነው የሚጠይቁኝ፣ በቦታው ጻፍኩት።"

ትክክል ናት። ነጥብ ዝርዝር ይህን ይፈቅዳል። አንዱን ቅርንጫፍ በዓይነት፣ ሌላውን በቦታ ብትከፍሉ የሚቆጣችሁ የለም። ሠንጠረዥ ግን አንድ ዓምድ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚቀበለው። "ዓይነቱ ምንድን ነው?" እና "የት ነው ያለው?" ለየብቻ መቀመጥ አለባቸው። ስለዚህ "ቦታ" የሚል አምስተኛ ዓምድ ከፈትን፣ መደርደሪያዎቹን ወደዚያ አዛወርን። ለኤሌክትሪኩ 74 ረድፍ አዲስ ንዑስ ምድብ ማውጣት ነበረብን። በስም ስንደረድራቸው ሽቦው ከሽቦ፣ ብሬከሩ ከብሬከር ጋር ስለተሰበሰበ እየመረጥን ሞላን። አንድ ሰዓት ገደማ ወሰደ። እሷ እየተናገረች እኔ ስጽፍ ነው ያለቀው፤ ብቻዬን ብሆን እስከ ማታም አልጨርሰውም።

ያን ጊዜ ነው ከዚህ በታች ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ረድፎች ጎን ለጎን የመጡት፦

| ምድብ | ንዑስ ምድብ | ዕቃ | ብዛት | ቦታ |
|---|---|---|---|---|
| ኤሌክትሪክ | ብሬከር | ብሬከር 16 | 8 | ላይኛው መደርደሪያ |
| ኤሌክትሪክ | ብሬከር | ብሬከር 16 | 14 | ከባንኮኒው ሥር |
| ቧንቧ | ጂአይ | ቫልቭ 3/4 | 9 | |
| ቀለም | ማቅጠኛ | አኳራጅ | 23 | |

"ብሬከር 16 ስምንት ብቻ ነው ያለው ብለሽ አልነበር?" አለ አጎቴ። ልጅቷ መልስ ሳትሰጥ ጎንበስ ብላ ከባንኮኒው ሥር ካርቶን ጎተተች። አሥራ አራቱም እዚያው ነበሩ። ዝርዝሩ ላይ ሁለቱ መስመሮች በሁለት የተለያየ ርዕስ ሥር፣ በሁለት የተለያየ ገጽ ላይ ስለነበሩ ተገናኝተው አያውቁም። አጎቴ ከሚገዛው ላይ ብሬከር 16ን ሰረዘ።

ብዛት የሌላቸው አምስት ዕቃዎችም ተገኙ። እኔ ዜሮ ልሞላ ስል ልጅቷ ከለከለችኝ። ሁለቱ አልቀዋል፣ ሦስቱ ግን ገና ስላልተቆጠሩ ነው ባዶ የተተዉት። ለሁለቱ 0 ጻፍን፣ ሦስቱን ባዶ ተውናቸው። አጎቴ ያን ዕለት ማታ ከ10 በታች የሆነውን አሳትሞ ኪሱ ከተተ።

ፋይሉ ከዚያ ወዲህ በሠንጠረዡ ነው የሚቀጥለው። በሳምንቱ ልጅቷ ፋይሉን በቴሌግራም ላከችልኝ። ፊልተሩን ስከፍት ምድቦቹ ስምንት ሆነዋል። "ቧንቧ" አለ፣ "ቧምቧ" አለ፤ "ኤሌክትሪክ" አለ፣ "ኤሌትሪክ" አለ። ዝርዝሩ ላይ የምድቡ ስም አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚጻፍ የፊደል ልዩነት ቦታ አልነበረውም። አሁን በየረድፉ ይጻፋል፣ ኤክሴል ደግሞ አንዲት ፊደል ከተለየች ሌላ ምድብ ነው ብሎ ያምናል። ስድስቱን ስሞች ሌላ ሺት ላይ ጽፌ ምድብ ዓምዱን መርጬ `Data Validation` ውስጥ `List` አደረግኩት። አሁን ስሙን ከተቆልቋዩ ትመርጣለች፤ ሌላ ከጻፈች አይቀበላትም። ንዑስ ምድቡን ገና አልነካሁትም፤ እዚያ ላይ "የዘይት ቀለም" እና "ዘይት ቀለም" ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።